ለማስጠኛ አፓችን የቀረቡ የማስታወቂያ ርዕሶች፦ ደሴና ኮምቦልቻ

ጭንቀትን የሚነካ፣ ለ12ኛ ክፍል፦
«ማለፊያው 50 በመቶ ነው። 49 ላይ የሚያስቀርህ አንድ ያልገባህ ምዕራፍ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ እንጨርሰው።»
ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። «ዛሬ ማታ» የሚለው እንዳይወጣ፤ እሱ ከሌለ ማስፈራሪያ ብቻ ይሆናል።

እፍረትን የሚያነሳ፦
«ክፍል ውስጥ እጅህን ማውጣት ከበደህ? እዚህ አሥር ጊዜ ጠይቅ። ማንም አይስቅብህም።»

ድካምን የሚያቀል፦
«ልጅዎ ከፒያሳ ሲመለስ መሽቶበት፣ ብርዱ መትቶት ሳይሆን፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያጥና።»
ይህ ለደሴ ብቻ ነው።

ለኮምቦልቻ፣ ማታ ፈረቃ ለሚገቡ ወላጆች፦
«እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት። ልጅዎ ግን ብቻውን አያጠናም።»
ወቀሳ እንዳይመስል ከሥሩ የእናት ፎቶ አይግባ። እነዚህ ሰዎች የሚለፉት ለልጆቻቸው ነው።

እምነትን የሚገነባ፦
«አስጠኚውን መጀመሪያ እርስዎ ያናግሩት። ካልተስማማዎት እንቀይራለን።»

ኔትወርክ ለሚያሳስበው፦
«ኔትወርክ ቢሄድም ትምህርቱ አይሄድም። ቪዲዮውን አውርደው ያስቀምጡት።»

ዋጋን የሚያስቀድም፦
«በወር 400 ብር። የመጀመሪያው ሳምንት በነፃ።»