ከቀበሌያችን ግብርና ጣቢያ የሚላኩ የአፈር ጥበቃ መልእክቶች (ፋርጣ ወረዳ)

ጥር 2
ጤና ይስጥልን። ከግብርና ጣቢያ ነው። እስከ ኅዳር ድረስ ስለ አፈር አጠባበቅ አጫጭር መልእክት እልካለሁ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። እኔ ጋ መደወልም ይቻላል፣ ሚስኮልም ይበቃል።

ጥር 13
እንኳን አደረሳችሁ። በዓሉ አለፈ፣ ከሰኞ ጀምሮ የተፋሰስ ሥራ ነው። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ። ሥራው ከላይ ከተራራው ይጀምራል። ታች ያለው «የእኔ መቼ ነው?» እንዳይል፤ ላዩ ካልተያዘ የታቹ እርከን በአንድ ሌሊት ዝናብ ይበጠሳል።

ጥር 15
እርከን በዓይን ግምት አይሠራም። ገመዱና ውሃ ልኩ ጣቢያ አለ፣ ውሰዱ። የእኛ አገር ዝናብ ብዙ ስለሆነ ቦዩ በ10 ሜትር 5 ሳንቲም ያህል ወደ ውሃ መውረጃው ዝቅ ይበል። በጣም ካጋደለ ግን ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆንባችኋል።

ጥር 18
የቦዩ ወርድ 60 ሳንቲም፣ ጥልቀቱ 50። የወጣውን አፈር ከቦዩ አፍ ከአንድ ስንዝር በላይ አራቁና ወደ ታች በኩል ከምሩት። እየረገጣችሁ ጠቅጥቁት። ከተጠቀጠቀ በኋላ ከፍታው ከ60 ሳንቲም ማነስ የለበትም። ያልተጠቀጠቀ እርከን ባይሠራ ይሻላል፣ ውሃ አጠራቅሞ በአንዴ ነው የሚለቀው።

ጥር 23
ብዙ ሰው የጠየቀኝ፦ በሁለት እርከን መካከል ስንት ይሁን? መሬቱ በ10 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ሜትር። ከዚያ የባሰ ተዳፋት ከሆነ ይቀራረባል። ድንጋይ ያለበት መሬት የድንጋይ እርከን ይሠራበት፣ ድንጋዩንም ከማሳው ላይ አነሳችሁት ማለት ነው።

የካቲት 4
«እርከን መሬት ይበላል፣ የአይጥ መራቢያ ነው» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ቦታ ይይዛል። ግን ዝም ብሎ ጦም እንዲያድር ማን አለ? ክረምት ሲገባ ዴሾ ሳር እንተክልበታለን፣ የከብት መኖ ይሆናል። አይጡም ቢሆን ድንጋዩ መሃል ክፍተት ካልተዋችሁ መግቢያ ያጣል።

መጋቢት 9
ቦረቦር ያለባችሁ፦ መጀመሪያ ወደ ቦረቦሩ የሚገባውን ጎርፍ ከላይ በቦይ ቀልብሱ፣ ክትሩ ከዚያ በኋላ ነው። ክትር ስትሠሩ መሠረቱን ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ግድግዳው አስገቡ፣ መሃሉን ከዳርና ዳሩ ዝቅ አድርጉ። መሃሉ ከፍ ካለ ውሃው በጎን ዞሮ ያፈርሰዋል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ይሁን። አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፣ በደቦ ነው።

ግንቦት 16
የመጨረሻውን እርሻ ተዳፋቱን አግድማችሁ እረሱ። ቁልቁል ካረሳችሁ ማረሻው ለጎርፍ መንገድ ጠረገለት ማለት ነው። ፈሰስ ማውጣት ግድ ከሆነም ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች አትልቀቁት፣ ጋደል ብሎ ወደ ሳሩ መውረጃ ይግባ። ጎረቤት ማሳ ላይ የሚለቅ ሰው ደግሞ ራሱን ያውቃል።

ሰኔ 24
ዝናቡ ያዝ አድርጓል። የዴሾ ግንጣይ ጣቢያ መጥቷል፣ ሳይደርቅ በዚህ ሳምንት ውሰዱ። እርከኑ ላይ በአንድ ስንዝር ርቀት ትከሉ፣ ሥሩን ጠበቅ አድርጉት። በመጀመሪያው ዓመት ከብት አይንካው፣ አጭዳችሁ ስጡ።

ሐምሌ 19
የትናንቱ ዝናብ ቀላል አልነበረም። ዛሬውኑ ማሳችሁን ዙሩ። የተበጠሰ እርከን ካለ ጠግኑ፣ የተደፈነ ቦይ ጥረጉ። ከቦዩ የሚወጣው ደለል ምርጡ አፈራችሁ ነው፣ መልሳችሁ ማሳው ላይ በትኑት። ጉማራን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ሻይ መስሏል። ያ ሁሉ ከጉና ግርጌ እየታጠበ ፎገራና ጣና የሚወርድ የእኛ አፈር ነው፤ ማዳበሪያ በብድር የገዛንለት አፈር።

ጥቅምት 6
ዘንድሮ ጤፍ ወይም ገብስ የነበረበት ላይ ለሚመጣው ዓመት ባቄላ ወይም አተር አስቡ። ዘሩን ከአሁኑ ለዩ።

ኅዳር 17
ከአጨዳ በኋላ ቃርሚያውን ሙልጭ አታድርጉት፣ ትንሽ ቆረን ይቅር። ከብቱም እርከኑ ላይ አይውጣ፣ እረኞቹን ንገሯቸው። ልቅ ግጦሽ የሁላችንንም ድካም በአንድ በጋ ያፈርሰዋል።

ኅዳር 20
የመጨረሻው መልእክት፣ ኮምፖስት። ጉድጓዱ 1 ሜትር ጥልቀት፣ 1 ሜትር ተኩል ወርድ፣ ጥላ ሥር። ገለባ፣ እርጥብ ቅጠል፣ እበት፣ ትንሽ አመድና አፈር እየደራረባችሁ ውሃ አርከፍክፉ። እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ እንደሚነድ አውቃለሁ፣ ማገዶ ችግር ነው፣ ግን ቢያንስ የበረቱን ጥራጊ ለጉድጓዱ ስጡት። መሃሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ በየሳምንቱ አውጥታችሁ ዳስሱ፦ ሞቅና እርጥብ ካለ ጥሩ ነው፣ ከደረቀ ውሃ ጨምሩ፣ ከቀዘቀዘ አገላብጡት። በሦስት በአራት ወር ይደርሳል። ጉድጓዱን ቆፍሮ የጨረሰ ሚስኮል ያድርግልኝ፣ መጥቼ አያለሁ።