ገጽ ሁለት፦ የእማዬ መቀነት

...የደን ዘበኛው የእንጨታችንን ገመድ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ዱላውን እያወዛወዘ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም ሄደ። እንጨታችን መሬት ላይ ተበትኖ ቀረ። ለምን እንጨቱን ትቶ ገመዱን ብቻ እንደቀማን ያኔ አልገባኝም። ኋላ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ማን ይሸከምለታል?

እማዬ አልለመነችውም። ከዓይኗ እስኪሰወር ጠበቀች። ነጠላዋን ባህር ዛፉ ላይ ሰቀለችና መቀነቷን መፍታት ጀመረች።

መቀነቷን ስትፈታ አይቻት አላውቅም። ጫፉ ላይ አንዲት ቋጠሮ ነበረች።

«ያዝ። እንዳትጥል» ብላ መዳፌ ላይ ገለበጠችው።

ሦስት የብር ኖት። ሁለት ስሙኒ። አንድ አስር ሳንቲም፣ አንድ አምስት። ብሮቹ በላቧ ረጥበዋል። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሦስት ብር ከስልሳ አምስት። እኔኮ ያቺ ቋጠሮ ብዙ ነገር ያለባት ይመስለኝ ነበር! ዳቦ ስል ወደዚያ ትዳስሳለች። አበዳሪ በር ላይ ሲቆምም ወደዚያው።

መቀነት እንደ ገመድ አይችልም። ግማሹን እንጨት አሰረች፣ ግማሹን ቅጠል አልብሰን ተውነው። ቁልቁለቱ ደረቅ ቅጠል ስለለበሰ ያንሸራትታል። እሷ ጎብጣ ከፊት፣ እኔ ጭራሮ ይዤ ከኋላ። በቀኝ እጄ ብሩን ጨብጫለሁ፤ ብወድቅ እንኳ የምዘረጋው ግራዬን ነው። ከኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚመለሱ ሰዎች ጀሪካናቸውን ይዘው አለፉን። አንዷ ሴትዮ እማዬን አይታ «እግዜር ያበርታሽ» አለቻት። እማዬ ቀና ማለት ስለማትችል ለመሬቱ «አሜን» አለች።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ እንጀራ ጋጋሪዋ በሯ ላይ ነበረች።

«እንዴ! እንጨት በመቀነት?»

«ገመዱ ተበጠሰ፣ እትዬ።»

እማዬ ስትዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አራት ብር ተቀበለች። ሌላ ጊዜ ሰባት ነበር።

መቀነቷን አራግፋ ታጠቀች። ብሩን መለስኩላት። ስትቋጥር ድንገት፣

«ደብተርህ አላለቀም እንዴ?» አለችኝ።

ሰኞ ነው ያለቀው። ሽፋኑ ውስጥ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ጠዋት ስንወጣ ልነግራት ነበር፤ ዳገቱ ላይ ልነግራት ነበር።

«ገና ነው» አልኳት።

ማታ በኩራዝ ብርሃን የቤት ሥራዬን በድሮዎቹ መስመሮች መሀል፣ በትንንሽ ፊደል ሞላሁት። ይህን የምታነብ ሰው ጽሑፌ ደቆብህ ዓይንህን ካደከመው ይቅር በለኝ። ያኔ የለመደ እጅ ነው።

እማዬ ፊደል አትቆጥርም። ግን ከኋላዬ መጥታ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምነው ጉንዳን አስመሰልከው?»

«እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ እማዬ።»

እጇ ወደ መቀነቷ ሄደ።