ያለአግባብ የተቆረጠብኝ ወለድና ክፍያ እንዲመለስልኝ፣ ዝርዝር ስሌትም እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባንኩ ደሴ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ መጨረሻው 4417 በሆነው የብድር ሂሳቤ ላይ የቀረበ ቅሬታ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ደሴ ሙጋድ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከቅርንጫፋችሁ 288,000 ብር ተበደርኩ። የመክፈያ ጊዜው 24 ወር ነው። በየወሩ በ10ኛው ቀን 12,000 ብር ከዋናው እከፍላለሁ፣ ወለዱ ደግሞ በዓመት 15 በመቶ ሆኖ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ይታሰባል። ውሉ የሚለው ይህንን ነው፤ ስፈርም መኮንናችሁ አንቀጽ በአንቀጽ አንብበውልኛል። ከመስከረም 2016 ጀምሮ 16 ወር ከፍያለሁ። መንገድ ተዘግቶ ሸቀጥ ሲጠፋ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ እንኳ አንድ ወር አላሳለፍኩም።

ታኅሣሥ 24 ቀን የሂሳብ ስቴትመንቴን ወሰድኩ። ከረመዳን በፊት ሸቀጥ ላስገባ ስላሰብኩ ምን ያህል ዕዳ እንደቀረኝ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ቀሪው ዋና ብድር 102,300 ብር ይላል። እኔ ደብተሬ ላይ ያለው 96,000 ነው። 16 ጊዜ 12,000 ብር 192,000 ነው፤ ከ288,000 ሲቀነስ 96,000 ይቀራል። መጀመሪያ እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሌሊቱን ደረሰኞቼን አንድ በአንድ ከስቴትመንቱ ጋር አመሳከርኩ። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆኑ ወደ እኛው መለስኳቸው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ያገኘሁት ያኔ ነው።

ትልቁ ስህተት ወለዱ ላይ ነው። ወርሃዊው ወለድ የቀሪው ዕዳ 1.25 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ወር ዕዳው ሙሉ 288,000 ስለነበር 3,600 ብር ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ በየወሩ በ150 ብር እየቀነሰ መጥቶ መስከረም 2017 ላይ 1,800 ሆነ። እስከዚያ ድረስ ስቴትመንቱ ከደብተሬ ጋር ልክ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ግን ወለዱ ድንገት ወደ 3,600 ተመልሷል። ጥቅምት 3,600፣ ኅዳር 3,600፣ ታኅሣሥም 3,600። ይህ ዕዳው ምንም ያልተነካ ያህል፣ በመጀመሪያው ብድር ላይ የታሰበ ወለድ ነው። መታሰብ የነበረበት ጥቅምት 1,650፣ ኅዳር 1,500፣ ታኅሣሥ 1,350 ነው። በሦስቱ ወር 4,500 ብር መሆን ሲገባው 10,800 ተወስዷል። ትርፉ 6,300 ብር ነው። እኔ በየወሩ ያስገባሁት ትክክለኛውን ገንዘብ ስለሆነ፣ ትርፉ ወለድ የተወሰደው ለዋናው ብድር ካስገባሁት ላይ ነው። በ96,000 እና በ102,300 መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የቅጣቱ ጉዳይ ነው። የሐምሌ 2016 ክፍያዬን፣ 14,100 ብር፣ ሐምሌ 8 ቀን ኮምቦልቻ በሚገኘው ቅርንጫፋችሁ ገቢ አድርጌያለሁ። ዕቃ ለመጫን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ስለነበር፣ ቀኑ እንዳያልፍብኝ ብዬ እዚያው ከፈልኩ። ማህተሙና ቀኑ በደረሰኙ ላይ በግልጽ ይነበባል። በሂሳቤ ላይ የተመዘገበው ግን ጁላይ 24፣ በእኛ ሐምሌ 17 ነው። ገንዘቡ በሁለት ቅርንጫፎቻችሁ መካከል ለቆየበት ጊዜ 2 በመቶ፣ ማለትም 282 ብር፣ የመዘግየት ቅጣት ከቁጠባ ሂሳቤ ተቆረጠ። በነሐሴም ያው 282 ብር ድጋሚ ተቆረጠ፤ የነሐሴን ክፍያ በዕለቱ እናንተው ዘንድ መክፈሌ እየታወቀ። ሁለቱ 564 ብር ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነኝ ስሜ ዘግይቶ ከፋይ ተብሎ መመዝገቡ ነው። ለነጋዴ ስም ማለት ብድር ነው።

የአገልግሎት ክፍያውን በተመለከተ፣ ብድሩ ሲለቀቅ 1.5 በመቶ፣ 4,320 ብር ተቀንሶብኛል። ውሉ «አንድ ጊዜ» ይላል። ነሐሴ 2016 ላይ ግን «የአገልግሎት» ተብሎ ሌላ 1,440 ብር ተወስዷል። እንዲሁም ጥቅምት 2017 ላይ «የመድን» ተብሎ 2,350 ብር ተቆርጧል። ለዋስትና ላስያዝኩት ቤት እኔው ራሴ መድን ገብቼለታለሁ፤ የታደሰውን የመድን ውል ቅጂ ነሐሴ 2016 ለእናንተው አስገብቼ ገቢ ማህተም ተመትቶልኛል። ለተቆረጠው 2,350 ብር ደግሞ ምንም የመድን ውል አልተሰጠኝም።

ታኅሣሥ 25 ቀን መስኮት ላይ ቀርቤ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ሲስተሙ ነው የሚያሰላው» የሚል ነበር። ሠራተኛዋን አልወቅሳትም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እሷም በትህትና ነው ያስተናገደችኝ። ነገር ግን የተፈራረምነው ከሲስተም ጋር አይደለም። ሲስተሙ የሚያሰላው ውሉን ተከትሎ መሆን አለበት።

ስለዚህ በመጀመሪያ የምጠይቀው ሙሉ ዝርዝር ነው። ከነሐሴ 2015 እስከ ዛሬ በየክፍያው ቀን የነበረው ቀሪ ዕዳ፣ ወለዱ በስንት በመቶና በስንት ቀን እንደታሰበ፣ ካስገባሁት ብር ስንቱ ለዋናው፣ ስንቱ ለወለድ፣ ስንቱ ለቅጣትና ለሌላ ክፍያ እንደዋለ በጽሑፍ፣ በማህተም ይሰጠኝ። ለእያንዳንዱ ቅጣትና ክፍያም የተመሠረተበት የውሉ አንቀጽ ይጠቀስ። «ሌሎች» ወይም «ማስተካከያ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ መስመር ካለ ምንነቱ ይብራራልኝ።

ስህተቱ ሲረጋገጥ 6,300 ብሩ ወደ ዋናው ብድር ተመልሶ ቀሪ ዕዳዬ 96,000 ብር እንዲሆን፣ ከቁጠባዬ የተቆረጠው 4,354 ብር ወደ ሂሳቤ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። በድምሩ 10,654 ብር ነው። ስለመዘግየት የተመዘገበው እንዲሰረዝልኝና ወደ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ተልኮ ከሆነ እዚያም እንዲታረም እፈልጋለሁ። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ከቁጠባዬ ላይ ሌላ ቅጣት ወይም ክፍያ እንዳይቆረጥ አደራ እላለሁ።

የጥር ወር ክፍያዬን አላቋርጥም። ጥር 10 ቀን 12,000 ብር ለዋናው፣ 1,200 ብር ለወለድ፣ በጠቅላላው 13,200 ብር ገቢ አደርጋለሁ። ይህን መክፈሌ ግን በስቴትመንቱ ላይ ያለውን ዕዳ እንደተቀበልኩ ተደርጎ እንዳይወሰድብኝ በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ።

መልሱን እስከ ጥር 20 ቀን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ካልደረሰኝ ለዋናው መሥሪያ ቤታችሁ፣ ከዚያም ለብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ቅሬታ ክፍል ለማቅረብ እገደዳለሁ። እዚያ ሳይደርስ እዚሁ ደሴ ቢያልቅ እመርጣለሁ። በዚህ ብድር ነው ሱቄን ያቆምኩት፣ ያንንም አልረሳሁም። ሂሳቡን አብረን ቁጭ ብለን እንየው ካላችሁም ደብተሬንና ዋናዎቹን ደረሰኞች ይዤ በጠራችሁኝ ቀን እመጣለሁ።

የብድር ውሉን፣ የ16ቱን ወራት ደረሰኞች፣ የኮምቦልቻውን ጨምሮ፣ ታኅሣሥ 24 የወሰድኩትን ስቴትመንት እና ገቢ ማህተም ያለበትን የመድን ውል ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የዚህን ደብዳቤ ሁለተኛ ቅጂ ቀንና ማህተም አድርጋችሁ እንድትመልሱልኝም በትህትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ተበዳሪዋ፣ በተያያዘው ውል ላይ ስሜና ፊርማዬ የሰፈረው
ደሴ፣ ሙጋድ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ

ግልባጭ፦ ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል