ለእማዬና ለአባዬ

እማዬ፣ አባዬ፣

እንዴት ናችሁልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ነገር በስልክ ልነግራችሁ ሞክሬ ነበር። ግን እማዬ ስታለቅሺ እኔም አብሬ ስለማለቅስ ወሬው ሁሌ መሃል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ልጻፍላችሁ አልኩ።

ለትዳር ስላሰባችሁልኝ ልጅ በደንብ አሰብኩበት። መልሴ አይሆንም ነው። ደብዳቤውን እስክትጨርሱ ልባችሁ እንዳይንጠለጠል ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኳችሁ።

እንከን አግኝቼበት አይደለም። እንዳላችሁት ጨዋ ነው፤ ሥራውን ይወዳል፣ ሰው ያከብራል። ተገናኝተን ስናወራ አንድም ክፉ ነገር አላየሁበትም። ግን ከእሱ ጋር ስሆን ሰው ቤት በእንግድነት እንደተቀመጥኩ ነው የምሆነው። ቃል እመርጣለሁ፤ ሳቄን እንኳ እለካለሁ። እንደዚህ ሆኜ ዕድሜ ልክ መኖር አልችልም። «ፍቅር ቀስ ብሎ ይመጣል» ብላችሁኛል። ለእናንተ መጥቷል፤ እያየሁ ነው ያደግኩት። ለእኔም ይመጣል ብዬ በሰው ልጅ ሕይወት መወራረድ ግን ከበደኝ። እሱም ቢሆን ከልቧ የምትወደውን ሴት ቢያገባ ይሻለዋል።

ጭንቀታችሁ ይገባኛል። አባዬ፣ ካመመህ ወዲህ «እኛ ስናልፍ ማን አለሽ?» የምትለው ነገር ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። ይህን ልጅ ስታስብልኝ ለሚታመን ሰው አደራ ልትሰጠኝ ፈልገህ መሆኑን አውቃለሁ። እማዬ፣ ሰው «ልጅሽስ?» ባለሽ ቁጥር ፈገግ ብለሽ መልሰሽ፣ ቤት ስትገቢ ዝም እንደምትዪ እህቴ ነግራኛለች። በእኔ ምክንያት ይህን መሸከምሽ ያሳዝነኛል። ግን ሰው ዝም ይበል ብዬ ባገባ፣ ጠያቂዎቹ ሠርጉን በልተው ይሄዳሉ፤ ቤቱ ውስጥ የምቀረው እኔ ነኝ።

የደበቅኳችሁ ሰው የለም። ትዳርም አልጠላሁም። (እማዬ፣ «ትምህርቱ ነው ያበላሻት» የምትለዋን አክስቴን እንግዲህ አንቺ ዝም አሰኚልኝ።)

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለቤተሰቦቹ «እያሰበችበት ነው» አትበሏቸው። ልጁ በከንቱ እንዳይጠብቅ ቁርጡን ንገሯቸው። አባዬ፣ ከአባቱ ጋር ያላችሁ የስንት ዘመን ወዳጅነት እንዳይሻክር እንደምትፈራ አውቃለሁ። «እኛ ወደነው ነበር፣ እምቢ ያለችው ልጅቷ ናት» በላቸው። ውሸት አይደለም፤ ቅሬታውም ወደ እኔ ይምጣ። ለልጁ እኔ ራሴ ደውዬ አመሰግነዋለሁ። ከእናንተ ቀድሜ ግን አልደውልም፤ ስትነግሯቸው አሳውቁኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ከተቆጣችሁም ፊት ለፊት ተቆጡኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀይርም። አባዬ፣ የሐኪም ቀጠሮህ ሰኞ አይደል? ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። የበፊቱን የምርመራ ወረቀት ከአሁኑ ፈልጋችሁ አስቀምጡልኝ።

የምትወዳችሁ ልጃችሁ