አረንጓዴ ማይክ

ዱባይ፣ ናይፍ ያለው ስልክ ሻጭ ከአሮጌው ስልኬ ዋትሳፑን ወደ አዲሱ ሲያዞርልኝ ቆይቶ ቀና አለ። «እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ድምፅ ምንድን ነው? ልሰርዘው?»

«ተወው» አልኩት፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ።

ማታ ሚርዲፍ ተመልሼ፣ የማዳም ልጆች ከተኙ በኋላ፣ የእማዬን ገጽ ከፍቼ ወደ ላይ ሳብኩት። አረንጓዴ ማይክ በአረንጓዴ ማይክ ላይ። ያልተሰማ ማለት ነው። ቆጠርኳቸው፤ 96።

እዚህ አገር በዋትሳፕ መደወል አይቻልም፤ ድምፅ መላክ ግን ይቻላል። በ2011 ስመጣ እናቴ የላከችልኝን ሁሉ እሰማ ነበር። ወደዚህ ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ስልክ ሌሊት ብቻ ሆነ። የእማዬ ሰላምታ ብቻውን ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ እኔን ጨርሳ የማዳምን ልጆች ጤና ትጠይቃለች። ነገ እሰማዋለሁ እያልኩ አሳደርኩት። አርባ ሲደርስ መክፈቱም አሳፈረኝ። «እሺ እማ፣ ብሩን ልኬያለሁ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ሙሔ ያነብላታል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም።

የመጀመሪያውን ተጫንኩት። ዶሮ ይጮሃል። ሐይቅ፣ ጓሯችን።

«ዛሁዬ፣ ደህና ነሽ ወይ...» እንደ ድሮው ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አስራ አንደኛው ላይ ድምጿ ተለወጠ።

«ሙሔ ምን አለኝ መሰለሽ። ይቺ ማይክ ሰማያዊ ካልሆነች አልሰማችሽም አለኝ። ሁሉም አመድ መስለዋል። ተይው፣ ሥራ ይዞሽ ነው።» ዝም አለች። ስኒ ሲቀመጥ ይሰማል። «እንግዲያው ለሰው የማልነግረውን ላንቺ አወራለሁ። ካልተሰማ ምን ችግር አለው።»

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የለም።

ለቆርቆሮ የላክሁትን ብር ለአጎቴ አበድራዋለች፤ እስካሁን አልመለሰም። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» ትላለች፣ እንደማልሰማት እያወቀች። ፊት ለፊት ያለው ጥርሷ ወልቋል። በቦቲም ስንተያይ አፏን በሻርፕ የምትሸፍነው አፍራ ይመስለኝ ነበር፤ እኔን ልታስደነግጥ አልፈለገችም። የሄድኩ ቀን ሰው ፊት አላለቀሰችም። ጎረቤት ጨካኝ አላት። ማታ ከላሟ ጋር ጋጣ ገብታ አነባች። «ላሟ ዞራ አየችኝ፣ ወላሂ» ብላ ሳቀች። እኔም ትራሴን ነክሼ ሳቅሁ።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ድምፁ ይቆማል። ደሴና ኮምቦልቻ የተያዙበት ጊዜ ነው፤ ኔትወርክም አልነበረም። ያኔ የማገኘው ሰው ጠፍቶ ቀን መስኮት እየወለወልኩ አለቅስ ነበር። የተላኩልኝን ግን ከፍቼ አልሰማሁም። ብዙ ሳምንት ቆይቶ የመጣው ዘጠኝ ሰከንድ ነው፤ «አለን። አልሃምዱሊላህ። ላሟ ግን የለችም።»

ሰባ አራተኛው ረጅም ነው። አሥራ አራት ደቂቃ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ጮክ ብላ ነው የምታወራው።

«ያ የደሴው ሾፌር ሽማግሌ የላከ ጊዜ... አባትሽ እሺ ብሎ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሾፌር መንገድ ላይ ነው የሚያድረው፣ ልጄ ብቻዋን ልትቀር ነው ብዬ። አንቺ እኔን እንዳትጠዪኝ 'እሱ ነው እምቢ ያለው በያት፣ እኔ እችለዋለሁ' አለ አባትሽ። ችሎታል። አንቺ ስትደውይ ከቤት ይወጣል አይደል? የምታናግሪው ስለማይመስለው ነው።»

አቆምኩት። ድጋሚ ሰማሁት።

አባባን ካኮረፍኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ እንጂ ስጡኝ ብዬ አላውቅም። ሾፌሩ አግብቶ ሦስት ልጅ ወልዷል፤ እሱን ከረሳሁት ቆየሁ። ኩርፊያው ግን እንዳለ አለ።

የቀሩትን እስኪነጋ ሰማኋቸው። መጨረሻዎቹ ላይ ስለ እኔ ስንፍናም ታወራለች፤ ልጅ ሳለሁ እንጀራ ስጋግር ስለማሳርር። እዚህ አገር ማን ያስጋግረኛል ብዬ ልመልስላት ነበር።

ሱብሒ አዛን ሲል ስልኬ ነዘረ። ከእማዬ፣ ስድስት ሰከንድ።

«ዛሁ... ሙሔ ሁሉም ሰማያዊ ሆኗል አለኝ። ሁሉንም ነው የሰማሽው?»

ከታች የማዳም በር ተከፈተ። ማይኩን ተጫንኩ።

«እማዬ፣ አባባ ከቤት ሳይወጣ ጥሪልኝ» አልኩ።