የደብረ ሲናው ቆሎ ሻጭ

ደብረ ሲና ላይ የደሴ መኪና ሲቆም ቆሎ ይዘው መስኮት ለመስኮት ከሚሯሯጡት ልጆች አንዱ ነው፣ ገና 19 ዓመቱ። አንዱን ፌስታል በ30 ብር እየሸጠ በቀን 40 ያህል ይጨርስ ነበር፣ ከዛ አንድ ቀን ምን አሰበ፣ በ25 ባደርገው ሁሉም ከኔ ነው የሚገዛው አለና ቀነሰ።

እውነትም ገዙ! 90 ፌስታል፣ ብቻውን አልችል ብሎ አንድ ልጅ በ100 ብር ቀጠረ፣ ማታ 2,250 ብር ኪሱ ውስጥ ሆኖ እየዘለለ ቤት ገባ።

እናቱ ምድጃው ጋ ነበሩ፣ ገብሱን የሚቆሉት እሳቸው ናቸው (ክንዳቸው መዛሉን ግን የጠየቀ የለም)። «እስቲ ቁጭ በል» ብለው ሰፌዱ ላይ ባቄላ መደርደር ጀመሩ፣ እሳቸው ካልኩሌተር አያውቁም።

«ገብሱ፣ ለውዙ፣ ከሰሉ፣ ፌስታሉ፣ አንዱ 22 ይፈጃል አይደል? በ30 ስትሸጥ ስንት ይተርፍህ ነበር?»

«ስምንት።»

«በ40ው?»

«320።»

«አሁንስ?»

ሶስት ብር በ90፣ 270፣ የልጁ 100 ሲነሳ 170። ደግሞ ቆጠረው፣ ያው 170።

«እማ፣ ቀኑን ሙሉ እኮ ነው የሮጥኩት!»

«እኔስ የቆላሁት?»

በነጋታው አንድ ተሳፋሪ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ትላንት በ25 አልነበር እንዴ?» አለው።

«ትላንት ነበር ጋሼ፣ ዛሬ 30 ነው።»

ሰውየው አጉረመረመና ሁለት ገዛ።