ምርመራ እስኪጠናቀቅ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ለጊዜው ከሥራ ስለመታገድ

ቁጥር፡ ሰኃ/214/17
ቀን፡ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለአቶ ታደሰ
የቃሊቲ መጋዘን ኃላፊ
በእጅ የሚሰጥ

ጉዳዩ፡- በመጋዘን ቆጠራ የታየው ልዩነት ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ለጊዜው ከሥራ መታገድዎን ይመለከታል

በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ምክንያት ከሐምሌ 3 እስከ 5 ቀን በቃሊቲ መጋዘን በተካሄደው ቆጠራ፣ በቢን ካርድ ላይ 312 ጥቅል ሆኖ የሚታየው ባለ 2.5 የኤሌክትሪክ ሽቦ በመደርደሪያ ላይ 294 ጥቅል ሆኖ ተገኝቷል። የ18 ጥቅል ልዩነት አለ ማለት ነው። የውስጥ ኦዲት ክፍል ሐምሌ 11 ቀን ባቀረበው ሪፖርት፣ በእርስዎ ስም የተፈረሙ ሦስት የዕቃ ወጪ ማድረጊያ ደረሰኞች የመጋዘን ቅጂያቸው ከጥራዙ ውስጥ እንዳልተገኘ ጠቁሟል። ድርጅቱ እስካሁን የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው።

በዚህ መሠረት ከማክሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለ20 የሥራ ቀናት፣ ማለትም እስከ ረቡዕ ነሐሴ 7 ቀን ድረስ፣ ከሥራ እንዲታገዱ ተወስኗል። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ተቆጥሯል። ማጣራቱ ከዚያ ቀደም ብሎ ካለቀ በማግስቱ ወደ ሥራ ይጠራሉ። ካልተጠናቀቀና ማራዘም ካስፈለገ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልዎታል። ይሁን እንጂ እገዳው በምንም ምክንያት ከ30 የሥራ ቀናት አያልፍም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ነሐሴ 19 ይሆናል።

ለእገዳው መሠረት የሆነው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈረመው የኅብረት ስምምነትና የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው። አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚቋረጥን የሥራ ውል የሚመለከት በመሆኑ ቁጥሩን ሲያዩ እንዳይደነግጡ እንጠይቃለን። እኛ የጠቀስነው ንዑስ አንቀጽ 4ን ብቻ ነው፤ እርሱም ሠራተኛን ስለማገድ የሚናገርና የእገዳውን ጊዜ በ30 የሥራ ቀናት የሚገድብ ነው። የሥራ ውልዎ አልተቋረጠም። የማቋረጥ ማስጠንቀቂያም አልተሰጠዎትም።

ከሁሉ በላይ ግልጽ እንዲሆን የምንፈልገው ይህ ነው፦ እገዳው ጥፋተኛ ተብለዋል ማለት አይደለም፤ ቅጣትም አይደለም። በእገዳው ምክንያት ብቻ በግል ማኅደርዎ የዲሲፕሊን መዝገብ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። የ18 ጥቅሉ ልዩነት በብዙ መንገድ ሊመጣ የሚችል ነው። ወደ ዱከም ማከፋፈያ የተላከ ዕቃ በካርዱ ላይ ሳይቀነስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ገቢ ሲመዘገብ ቁጥር ተደጋግሞ ሊሆን ይችላል፤ ቆጣሪዎቹ ራሳቸው በጥድፊያ ተሳስተውም ሊሆን ይችላል። ያልተገኙት ቅጂዎችም ሌላ ፋይል ውስጥ ገብተው ይሆናል። አንዱንም ከሌላው አስቀድመን አልመረጥንም።

ታዲያ ለምን ታገድኩ ብለው እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ሁለተኛው ቆጠራ የሚደረገው እርስዎ በሚመሩት መጋዘን፣ ቃላቸውን የሚሰጡትም በእርስዎ ሥር የሚሠሩት አራቱ የመጋዘን ሠራተኞች ናቸው። አለቃቸው አጠገባቸው ቆሞ ሳለ በነፃነት ተናገሩ ማለት ለእነርሱም ይከብዳል። ለእርስዎም አይበጅም፤ ውጤቱ ንጹሕ መሆንዎን ቢያሳይ እንኳ «ራሱ ቆሞ አስቆጠረው» የሚል ወሬ ይከተልዎታል። በሌላ የሥራ መደብ አዛውሮ ማቆየትም ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ያለው ክፍት ቦታ የግዥ ክፍል ስለሆነና እርሱም ከዚሁ ሰነድ ጋር ስለሚገናኝ አልተመረጠም።

በእገዳው ጊዜ ሙሉ ደመወዝዎ እንደወትሮው በየወሩ መጨረሻ በባንክ ሒሳብዎ ይገባል። የኃላፊነትና የትራንስፖርት አበልዎ አይቀነስም። ከእርስዎ የሚቆረጠው 7 በመቶና ድርጅቱ የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀጥላል፤ የሕክምና ሽፋንዎና የቁጠባና ብድር ማኅበር ክፍያዎም እንዳለ ነው። የማይከፈለው የትርፍ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያልተሠራ ሰዓት ነውና። እነዚህ ቀናት ከዓመት ፈቃድዎ አይታሰቡም። ባንክም ሆነ ሌላ አካል ስለ ሥራዎ ማረጋገጫ ቢጠይቅ የድርጅቱ ሠራተኛ መሆንዎን እንጽፋለን፤ ስለ እገዳው አንጠቅስም። ለደንበኞች የሚነገረው ደግሞ ለጊዜው በሥራ ላይ አለመኖርዎ ብቻ ነው።

የመጋዘኑን ሁለት ቁልፎች፣ የደረሰኝ ጥራዞችንና የድርጅቱን ስልክ ዛሬ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ለምክትልዎ ያስረክቡ። ርክክቡ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይና የሒሳብ ክፍል ባልደረባ ባሉበት በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ አንዱ ቅጂ ለእርስዎ ነው። የግል ዕቃዎን ራስዎ ይዘው ይወጣሉ፤ የጥበቃ ሠራተኛ አያጅብዎትም። በእገዳው ወቅት ወደ መጋዘኑ መግባት፣ የድርጅቱን ሰነድ መውሰድ ወይም ማስለወጥ፣ ስለዚህ ጉዳይ ከመጋዘኑ ሠራተኞች ጋር መነጋገር አይፈቀድም። ይህ ክልከላ ጉዳዩን እንጂ ሰውን አይመለከትም። ለቅሶ መድረስ፣ ሰርግ መሄድ፣ በዕድር መገናኘት እንደነበረው ይቀጥላል፤ ማንም ይህን እንደ ጥፋት አይቆጥርብዎትም።

ማጣራቱን የሚያካሂደው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። የቆጠራ ሪፖርቱን ያዘጋጀው ኦዲተር በኮሚቴው ውስጥ የለም። ማክሰኞ ሐምሌ 22 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዋናው መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ተገኝተው ቃልዎን እንዲሰጡ ተጋብዘዋል። የማኅበሩን ተወካይ ወይም የሚያምኑትን የሥራ ባልደረባ ይዘው መቅረብ ይችላሉ፤ በምስክርነት የሚጠራ ሰው ግን አይሁን። የቆጠራ ሪፖርቱና የሦስቱ ደረሰኞች ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ ሳይዘጋጁ እንዲመጡ አንፈልግም። የሚያሳዩት ሰነድ፣ እንዲጠየቅልዎ የሚፈልጉት ሰው ወይም ኮሚቴው ሊያየው የሚገባ ማዘዣ ካለ በዝርዝር ጽፈው ያቅርቡ። ቀኑ የማይመችዎት ከሆነ አንድ ቀን ቀደም ብለው ያሳውቁን፤ ሌላ ቀን እንቀጥራለን። ለኮሚቴው ጥሪ በሥራ ሰዓት በስልክ ሊገኙ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚሄዱ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩን።

በእገዳው የማይስማሙ ከሆነ ቅሬታዎን በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለዋና ሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ። ቅሬታ ማቅረብዎ በማጣራቱ ላይ በእርስዎ ላይ የሚያመጣው ነገር የለም። የኮሚቴው ውጤት ምንም ይሁን ምን በጽሑፍ ይደርስዎታል። የሚያስጠይቅ ነገር ካልተገኘ ወደ ቀድሞ መደብዎ ይመለሳሉ፤ ይህንንም ስለ እገዳው ለሰሙ ክፍሎች ሁሉ በደብዳቤ እናሳውቃለን። የሚያስጠይቅ ነገር ከተገኘ ግን ማንኛውም እርምጃ ከመወሰዱ በፊት እንደገና የመደመጥ ዕድል ያገኛሉ።

በሁለተኛው ቅጂ ላይ የሚፈርሙት ደብዳቤውን መቀበልዎን ለማረጋገጥ ብቻ ነው። በይዘቱ መስማማትዎን አያሳይም።

ከሰላምታ ጋር
የሰው ኃብት ሥራ አመራር መምሪያ ኃላፊ

አባሪ፡ የቆጠራ ሪፖርት 4 ገጽ፣ የደረሰኝ ቅጂ 3 ገጽ

ግልባጭ
ለዋና ሥራ አስኪያጅ
ለሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር
ለሒሳብ ክፍል (ደመወዝና አበል ሳይቋረጥ እንዲከፈል)